«ሌላ ላክልኝ» ከማለትዎ በፊት

«ጤና ይስጥልኝ። ሽሮ፣ በርበሬና ሚጥሚጣ ቤቴ እያዘጋጀሁ ለዘመድ ለጎረቤት ስሸጥ ቆይቼ፣ አሁን ፈቃድ አውጥቼ በፓኬት ልጀምር ነው። እህቴ ቨርጂኒያ ስላለች እያደር ወደዚያም የመላክ ሐሳብ አለን። ስም እንዲያወጣልኝ አንድ ወጣት የማስታወቂያ ባለሙያ ይዣለሁ፤ የተስማማነው ለሦስት ዙር ነው። የመጀመሪያው ዝርዝር 24 ስም ይዞ መጣ፦ ሌማት፣ ጉልቻ፣ አገልግል፣ ዘነዘና፣ ኮሰረት፣ በሶብላ፣ ወርቃማ ጣዕም፣ ምርጥ ቅመም፣ ሳባ፣ ላሊበላ እያለ ይቀጥላል። ባለቤቴ ሳባን ወደደ፣ ልጆቼ ጉልቻን አይተው ሳቁ፣ እህቴ አንዱም አላማራትም። እኔ አንዳንዱ ደስ ይለኛል፤ ‹ይኼ ነው› የምለው ግን የለም። በልቤ የሚመላለሰው የእናቴ ስም ነው፤ ሙያውን ያስተማረችኝ እሷ ናት። ሥራውን የናቅኩበት እንዳይመስለው ብዬ ግን ለልጁ አልነገርኩትም። ‹ጥሩ ነው፣ ግን አልተዋጠልኝም፣ ሌላ ላክልኝ› ብዬ ጻፍኩና ሳልልከው ተውኩት። ሁለተኛው ዙር እንዲሁ እንዳይባክን ምን ብዬ ልመልስለት?

ባለ ባልትናዋ፣ ከገርጂ»

እህቴ፣ እንኳንም አልላኩት። «ሌላ ላክልኝ» የሚለው መልስ ለልጁ የሚነግረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከ24ቱ አንዱም እንዳልሆነ። ለምን እንዳልሆነ ስለማያውቅ መገመት ይጀምራል። እንዲህ ያለ መልስ የደረሰው ስም አውጪ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት አንዱን ያደርጋል። ወይ በመጀመሪያው ዙር ራሱ «ይቅር» ብሎ ወደ ጎን ያደረጋቸውን ስሞች አቧራ አራግፎ ይልካል፣ ወይ ደንግጦ የነበረውን ሁሉ ትቶ ወደማይገናኝ ነገር ይሄዳል። በሁለቱም መንገድ አንድ ዙር ተበላ ማለት ነው።

የመጀመሪያውን ዝርዝር እንደ ጥያቄ ያንብቡት። ልጁ ሌማት፣ ጉልቻ፣ አገልግል ብሎ ሲጽፍ «በማጀት ዕቃ በኩል ልሂድ ወይ?» እያለ ነው። ኮሰረትና በሶብላ ሲል «በመዓዛ በኩልስ?»፣ ሳባና ላሊበላ ሲል «በታሪክ በኩልስ?»፣ ወርቃማ ጣዕም ሲል ደግሞ «ምርቱን ራሱን ላወድሰው?» ማለቱ ነው። 24ቱ ስሞች ሲሰበሰቡ አራት ወይም አምስት ጥያቄዎች ናቸው። የእርስዎ ሥራ መጀመሪያ ለእነዚህ መልስ መስጠት ነው። ስለያንዳንዱ ስም መነጋገር ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ስለዚህ ዝርዝሩን በወረቀት ላይ በየወገኑ ይለያዩት። ለያንዳንዱ ወገን ራስዎን የሚጠይቁት «ወድጄዋለሁ ወይ?» ብለው አይሁን፤ «ከዚህ ወገን የተሻለ ስም ቢመጣ እቀበላለሁ ወይ?» ብለው ይጠይቁ። ልዩነቱ ትልቅ ነው። አንድ ስም ሲወድቅ ወገኑ አብሮ ላይወድቅ ይችላል፤ ወገኑ ከወደቀ ግን ከዚያ የሚመጣ ምንም ስም አይተርፍም። ይህን ለይቶ ያልነገረ ደንበኛ ጥሩውን መንገድ ከመጥፎው ስም ጋር አብሮ ይቀብረዋል። «ጉልቻን አልወደድኩትም» ብለው ዝም ቢሉ ልጁ የማጀት ዕቃ ሁሉ እንዳስጠላዎ አድርጎ ይወስደውና፣ አገልግልም እህት ወንድሞቹም በሁለተኛው ዙር ላይ አይታዩም።

በእርስዎ ዝርዝር ላይ ልሞክረው። ከመዓዛዎቹ ልነሳ፤ ኮሰረትና በሶብላ ለጆሮ ያምራሉ። አሁን ስሙን ከምርቱ ጋር አያይዘው ጮክ ብለው ይጥሩት፦ «ኮሰረት ሽሮ»፣ «በሶብላ በርበሬ»። ሰሚው የድርጅት ስም አይሰማም፤ ኮሰረት የገባበት ሽሮ ነው የሚሰማው። ኮሰረት ሲባል ደግሞ ለብዙዎቻችን ቀድሞ የሚሸተን የተነጠረ ቅቤ ነው፤ ገዢዋ ፓኬቱን ከፍታ ያን ሽታ ብታጣ የጎደለ ነገር ይመስላታል። በሶብላማ «በሶ ብላ» እያለ ስለሚጠራ፣ «አበበ በሶ በላ»ን እያነበበ ያደገ ሁሉ በሶ አላችሁ ወይ ብሎ መጠየቁ አይቀርም። እርስዎ በሶ አይሸጡም። ይህ እንከን የኮሰረት ብቻ አይደለም፤ ኮረሪማም ቢመጣ፣ ጥቁር አዝሙድም ቢመጣ ያው ነው። እዚህ ላይ የወደቀው ወገኑ ነው፤ ምክንያቱም በአንድ ዓረፍተ ነገር ይነገራል፦ ስሙ ከምርቱ ጋር ሲጠራ የይዘት ዝርዝር ይመስላል። ልጁ ይህን ከሰማ ሌላ ቅመም አምጥቶ አያደክምዎትም።

ምርት አወዳሾቹ፣ ወርቃማ ጣዕምና ምርጥ ቅመም፣ የሚወድቁት በሌላ ምክንያት ነው። በንግድ ምልክት ምዝገባና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 501/1998 መሠረት የዕቃውን ዓይነት ወይም ጥራት ብቻ የሚገልጽ ቃል የንግድ ምልክት ሆኖ አይመዘገብም። «ምርጥ» የሁሉም ነጋዴ ቃል ነው፤ አንዱ ለብቻው ሊይዘው አይችልም። ንግድ ቢሮ የሚመዘገበው የንግድ ስምና አእምሯዊ ንብረት የሚመዘገበው የንግድ ምልክት ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውንም ልብ ይበሉ፤ ንግድ ፈቃድዎ ላይ ስለተጻፈ ብቻ ፓኬቱ ላይ ያለው ስም የእርስዎ ሆኖ ተጠበቀ ማለት አይደለም። ደግሞም ስም ምርቱን የመግለጽ ግዴታ የለበትም። ንብ ባንክ ሲባል ንቧ ስለ ብድርና ቁጠባ የምትናገረው ነገር የለም፤ ሰው ግን ለይቶ ያውቃታል። ልጁ ወደ አወዳሾቹ የሄደው ምናልባት እርስዎ በመጀመሪያው ማስታወሻ ላይ «ጥራቱን የሚገልጽ ስም» ብለውት ይሆናል፤ እስቲ ተመልሰው ይዩት። ብለውት ከሆነ አሁን ቃሉን መሰረዝ አለብዎት፤ ካልተሰረዘ በሁለተኛው ዙርም ሌላ ወርቃማ ነገር መምጣቱ አይቀርም።

ታሪካዊዎቹን ራስዎ ያውቋቸዋል። በሳባና በላሊበላ ስም ስንት ሆቴል፣ ስንት አስጎብኚ፣ ስንት ጌጣጌጥ ቤት እንዳለ ከገርጂ እስከ ፒያሳ ሲሄዱ ይቁጠሩ። ወገኑ ተጨናንቋል። ባለቤትዎ ግን ሳባን ወደዋል፤ እሱን እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ማጀቱ። ይህ ወገን ሕያው ነው፤ ስሞቹ ግን አንድ በአንድ መታየት አለባቸው። ሌማት ጥሩ ቃል ነበር፤ ከ2015 ወዲህ ግን «የሌማት ትሩፋት» የሚባለው የመንግሥት መርሐ ግብር በየዜናው ስላለ፣ ሌማት ያለውን ፓኬት ያየ ሰው ከመርሐ ግብሩ ጋር የተያያዘ ነገር ነው ብሎ ሊያስብ ይችላል። ቃሉ ቢወደድም ሌላ ባለቤት ይዞታል። ጉልቻ ላይ ልጆችዎ ለምን እንደሳቁ ይጠይቋቸው። እኔ እንደምገምተው «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ትዝ ብሏቸው ነው። የወጥ ማጣፈጫ ለሚሸጥ ሰው ከዚህ የከፋ ተረት የለም፤ ተፎካካሪ ያለ ምንም ወጪ ሊቀልድብዎት ይችላል። ዘነዘና ሲጠራ የውቅያው ድምፅ ራሱ ይሰማበታል፣ ያ ጥሩ ነው። ግን እርስዎ በርበሬውን የሚያስፈጩት ወፍጮ ቤት ከሆነ ስሙ የማይሠሩትን ቃል ይገባል። ልጁ ይህን አላወቀም፤ ያላወቀው ስላልነገሩት ነው። አገልግል ደግሞ ከቤት ተዘጋጅቶ ወደ ሩቅ የሚላክ ነገርን ያሳስባል። እህትዎ ቨርጂኒያ መኖሯን ልጁ አስቦበት ይሁን ሳያስብበት፣ ስሙ እዚያ ለሚቀበለው ሰውም ትርጉም አለው። ከምርቱ ጋር ሲጠራም «አገልግል ሽሮ»፣ «አገልግል በርበሬ» ይላል፤ ይዘት አይመስልም። አገልግል የሚይዘው የበሰለ ምግብ ነው፣ ደረቅ ዱቄት አይደለም የሚል ይኖራል። እኔ ያን ያህል የሚከብድ እንከን አላየሁበትም።

እንግዲህ «አልተዋጠልኝም» ያሉት ነገር ሲበተን ይህን ይመስላል። ስም የሚወድቀው በትርጉሙ ሊሆን ይችላል፣ በድምፁ ሊሆን ይችላል፣ ሌላ ሰው ስለያዘው ሊሆን ይችላል። ለልጁ ሦስቱ ሦስት የተለያዩ ትእዛዞች ናቸው። በትርጉም የወደቀ «ይህን ሐሳብ ተወው» ማለት ነው። በድምፅ የወደቀ ሐሳቡ ይቆይ፣ ቃሉ ይለወጥ ማለት ነው። ተይዞ የተገኘ ደግሞ «እዚያው አካባቢ ቆይና ጎረቤቱን ፈልግልኝ» ማለት ነው፤ ይህ እንዲያውም ከሁሉ የበለጠ ጠቃሚው አስተያየት ነው፤ የወደዱትን በቀጥታ ይነግረዋልና። ብዙ ሰው ግን የተያዘ ስም ሲያጋጥመው «ተይዟል» ብሎ ይሰርዘዋል፤ ባይያዝ ኖሮ ይወስደው እንደነበር አይናገርም።

ስለ ድምፅ ከተነሣ፣ ከመመለስዎ በፊት ሁለት ነገር ቢሞክሩ ጥሩ ነው። አንደኛው፣ ጫጫታ ባለበት ቦታ ላለ ሰው ስልክ ደውለው ስሙን አንዴ ብቻ ይጥሩለትና በቴሌግራም ጽፎ እንዲልክልዎት ይጠይቁት። ጣዕምን አንዱ በዐይኑ ዕ፣ ሌላው በእ፣ ሦስተኛው እንዲያው «ጣም» ብሎ ይጽፈዋል። ሀ እና ሐ፣ ሰ እና ሠ፣ ጸ እና ፀ ያለበት ስምም እንዲሁ ነው። ገጽዎን በስልኩ የሚፈልግ ደንበኛ በሌላኛው ፊደል ከጻፈ ላያገኝዎት ይችላል። ሁለተኛው የእህትዎ ሥራ ነው። ስሙን በላቲን ፊደል ብቻ ጽፋ፣ አማርኛ ማንበብ ለማይችል ልጅ ምንም ሳትነግረው ታስነብበው። ቀ፣ ጠ፣ ጨ እና ጸ በእንግሊዝኛ ፊደል ውስጥ ቦታ የላቸውም፤ ወርቃማ ጣዕም እዚያ ሲደርስ ሌላ ቃል ይሆናል። አገር ውስጥም ቢሆን ላቲኑ አንድ ዓይነት አይነበብም። በቁቤ የተማረ ሰው «ኤክስ»ን ጠ፣ «ሲ»ን ጨ ብሎ ነው የሚያነበው፤ እህትዎ ጋ ያለው ልጅ ግን እንዲያ አያነበውም። ስለዚህ እነዚህ ድምፆች የሌሉበት ስም ብዙ ጣጣ ያስቀራል። አገልግል፣ ዘነዘና፣ ኮሰረትና ሳባ ይህን ያልፋሉ። ልብ ብለው ካዩት ደስ ያሉዎት ስሞች ምናልባት እነዚህ ናቸው።

ባለቤትዎ ጋ የምመለሰውም በዚህ ነው። «ሳባን ወደድኩ» የሚለውን እንደ ድምፅ መስጫ ወረቀት አይቁጠሩት፤ ለምን እንደወደዱት ይጠይቋቸው። «አጭር ነው፣ ማንም ይጠራዋል» ካሉ የወደዱት ንግሥቲቱን ሳይሆን ሁለቱን ፊደል ነው። ያ ደግሞ ልጁ ሊሠራበት የሚችል መረጃ ነው። «አገር ያስጠራል» ካሉ ሌላ ነገር ነው፤ እሱን ከታሪክ ስም ውጭ ማምጣት ይቻል እንደሆነ ማሰብ ይኖርበታል። የእህትዎን «አንዱም አላማረኝም» ግን እንዳለ አያስተላልፉት፤ እዚያ ያሉ ሱቆች ፓኬቱን በየትኛው ፊደል ማየት እንደሚፈልጉና ልጆቹ ስሞቹን እንዴት እንዳነበቧቸው ይጠይቋትና መልሷን ይላኩ። ልጁ የአራት ሰው መልእክት በተናጠል ከደረሰው ለሁሉም እንዲሆን ብሎ የማንንም የማይነካ ስም ያመጣል። አንድ መልስ፣ በእርስዎ እጅ ተጽፎ ይሂድ። በቤተሰብ የቴሌግራም ቡድን ላይ 24ቱን ስም ለጥፎ ድምፅ ማሰባሰብንም ይተዉት፤ በዚያ መንገድ የሚያሸንፈው ብዙ ጊዜ ሰው ቀድሞ የሚያውቀው ስም ነው፣ የሚታወቅ ስም ደግሞ የሌላ ሰው ስም ነው።

አሁን ወደ እናትዎ ስም እንምጣ። ደብዳቤዎን ሳነብ «ይኼ ነው የምለው የለም» ያሉበት ምክንያት እዚህ ላይ ያለ መሰለኝ። ልጁ ያመጣቸው ሁሉ ዕቃ፣ ተክል፣ ቦታና ሙገሳ ናቸው፤ አንድም ሰው የለበትም። እርስዎ ደግሞ ሳይናገሩ የሚፈልጉት ሰው ነው፤ የሰው እጅ ያለበትን ስም። በእያንዳንዱ ስም ላይ በልብዎ ካለው ጋር እያስተያዩ ይፈርዳሉ፣ እሱ ግን ከማን ጋር እየተወዳደረ እንደሆነ አያውቅም። ይንገሩት። አይቀየምም፤ እንዲያውም ከዝርዝሩ ሁሉ ያልታየውን መንገድ እየሰጡት ነው። ሲነግሩት ስሙን ብቻ አይወርውሩለት፣ ስሙ ምን እንደሚይዝልዎት ይጨምሩበት፦ ሙያውን ከእሷ የተማሩ መሆንዎን፣ ሽሮው የእሷ አሠራር መሆኑን፣ ገዢው ከፋብሪካ ሳይሆን ከአንዲት ባለሙያ ሴት የገዛ እንዲመስለው መፈለግዎን። ከዚያ የእናትዎን ስም ራሱን በፓኬት ላይ ይፈልጉት እንደሆነና እንዳልሆነ ይወስኑ። ካልፈለጉት «ይህ ምሳሌ ነው፣ ስሙን አልፈልገውም፣ ስሜቱን ነው» ብለው በግልጽ ይጻፉ፤ አለበለዚያ ልጁ ትእዛዝ መስሎት ዙሩን ሁሉ በእሱ ላይ ያጠፋዋል።

ሲጽፉለት ከሚርቋቸው ቃላት አንዳንዶቹን ልጥቀስ፦ ማራኪ፣ ሳቢ፣ ዘመናዊ፣ ለየት ያለ። ልጁ እነዚህን ሳይሰማም ማራኪ ለማድረግ ሲደክም ነበር። «ዘመናዊ» ብለው የሚያስቡት ምናልባት «አጭር» ነው፣ ምናልባት «የገጠር የማይመስል» ነው፤ ያሰቡትን ይጻፉት። ግዴታዎን ከሁለት ወይም ከሦስት አያሳልፉ። ከዚያ በላይ ከሆነ የሚመጣው ስም ሁሉንም መስፈርት አሟልቶ ሕይወት የሌለው ይሆናል። ቢኖር ደስ የሚለኝ የሚሉትን «ግዴታ አይደለም» ብለው ለይተው ያስቀምጡ።

እኔ ብሆን እንዲህ ብዬ እጽፍለት ነበር፦

«ወንድሜ፣ ዝርዝሩን ደጋግሜ አየሁት፤ ከቤተሰብም ጋር ተነጋገርንበት። ያመጣሃቸውን በአራት ከፍዬ ነው የምመልስልህ።

የቅመም ስሞቹን (ኮሰረት፣ በሶብላ) እንተዋቸው። ከምርቱ ጋር ሲጠሩ ውስጡ የገባውን ነገር የሚነግሩ ይመስላሉ። የኮሰረት ድምፅ ግን በጣም ደስ ብሎኛል፤ ለስለስ ያለ፣ የሚጠብቅ ድምፅ የሌለበት። ሐሳቡን ጣለውና ድምፁን ያዝልኝ።

ምርቱን የሚያወድሱትን ሁሉ ተዋቸው። በመጀመሪያው ማስታወሻዬ ‹ጥራቱን የሚገልጽ› ያልኩህን ሰርዘው።

የታሪክና የቦታ ስሞችም ይቅሩ፣ በጣም ተይዘዋል። ባለቤቴ ሳባን የወደደው በማጠሩ ነው፤ እኔም አጭር ስም እመርጣለሁ፣ ግዴታ ግን አይደለም።

የማጀት ዕቃዎቹ መንገድ ልክ ነው፣ ቀጥልበት። አገልግል እስካሁን ከሁሉ የቀረበ ነው፤ ከቤት ወደ ሩቅ የሚላክ ነገር መሆኑን ወድጄዋለሁ። ያልደረሰው ስለ ባለሙያዋ ምንም ስለማይል ነው። ሌማት ጥሩ ነበር፣ ግን ከሌማት ትሩፋት ጋር ይምታታል፤ ባይምታታ እወስደው ነበር። ጉልቻን በተረቱ ምክንያት አልፈልገውም። ዘነዘና ድምፁ ያምራል፣ ግን በርበሬውን ወፍጮ ቤት ነው የምናስፈጨው፣ ውሸት ይሆንብኛል።

አንድ ያልነገርኩህ ነገር አለ። ሥራውን ያስተማረችኝ እናቴ ናት፤ ስሟን ላድርገው ወይ እያልኩ ሳስብ ነበር። ስሟን በፓኬት ላይ አልፈልግም፤ ግን ስሙን የሰማ ሰው ከጀርባው አንዲት ባለሙያ እንዳለች እንዲሰማው እፈልጋለሁ። ይህን አምስተኛ መንገድ አድርገህ ሞክርልኝ።

ግዴታዬ ሁለት ነው፦ ቢቻል ሳይሆን የግድ ቀ፣ ጠ፣ ጨ፣ ጸ የሌለበት ይሁን፣ ቨርጂኒያ ስለምንልክ። ሁለተኛ፣ ከ‹ሽሮ› እና ከ‹በርበሬ› በፊት ሲጠራ ይዘት አይምሰል።

በሚቀጥለው 10 ወይም 12 ስም ይበቃኛል፤ ግማሹ ከማጀት፣ ግማሹ ከባለሙያዋ። አገልግልንም እዚያው ላይ ጨምረው፣ ከእሱ ጋር እንድናስተያያቸው።»

ስለ መጨረሻው ዓረፍተ ነገር አንድ ነገር ልበል። ከመጀመሪያው ዙር የተሻለውን ስም በሁለተኛው ዝርዝር ላይ ማቆየት ብዙ ሰው የማያደርገው ነገር ነው። እያንዳንዱን አዲስ ስም ብቻውን ካዩት በልብዎ ካለው ፍጹም ስም ጋር ያነጻጽሩታል፣ ሁሉም ይወድቃል። ከአገልግል ጎን ሲያዩት ግን ጥያቄው «ይህ ከአገልግል ይሻላል ወይስ ያንሳል? በምን?» ይሆናል። ለዚያ ጥያቄ ሁልጊዜ መልስ ይገኛል።

ሁለተኛው ዝርዝር ሲመጣ መንገዱ መቅረቡን የሚያውቁት «ይኼ ነው» በማለትዎ አይደለም፤ ያ ስሜት በወረቀት ላይ ላለ ስም ብዙ ጊዜ አይመጣም፣ ፓኬት ላይ አይተው ሱቅ ውስጥ ሰው ሲጠራው ሰምተው ነው የሚመጣው። ምልክቱ ሌላ ነው፤ ስለ ስሞቹ የሚነሣው ክርክር ይጠብባል። በመጀመሪያው ዙር ክርክሩ ማጀት ወይስ ታሪክ የሚል ነበር። በሁለተኛው «ይህ ለምላስ ይቀላል፣ ያ ግን ባለሙያዋን ይበልጥ ያሳያል» ወደማለት ከወረደ ጥሩ ነው። ዝርዝሩ ከመጀመሪያው ይልቅ ከተበተነ፣ አዳዲስ ወገኖች ካመጣ፣ ልጁን ከመውቀስዎ በፊት የላኩትን ደብዳቤ መልሰው ያንብቡት። ብዙ ጊዜ እርስ በርሱ የሚጋጭ ነገር ይገኝበታል፤ ለምሳሌ «አጭር ይሁን» እና «ታሪኩን ሁሉ ይንገር»። ደብዳቤው ንጹሕ ሆኖ ዝርዝሩ ግን ያው ቅመም ያው ሳባ ከሆነ፣ ልጁ አላነበበውም። ያን ጊዜ በጽሑፍ አይመልሱ፤ ቡና ጋብዘው ዝርዝሩን መሃል ላይ አስቀምጠው ይነጋገሩ። ያልገባው ነገር ካለ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይታያል፤ ከዚያ ለዚያው ዙር ሌላ ዝርዝር እንዲያዘጋጅ መጠየቅ መብትዎ ነው።

ለሁለተኛው ዙር የሚሰጡት አስተያየት ከመጀመሪያው ያጥራል። ስለ ወገን መናገር ቀርቷል፤ ሦስት ወይም አራት ስም አስቀርተው በያንዳንዱ ላይ ምን እንደሚጎድለው ብቻ ይጻፉ። አዲስ መስፈርት በዚህ ደረጃ አይጨምሩ። ልጅዎ ከትምህርት ቤት መጥታ «ለምን በእንግሊዝኛ አይሆንም?» ብትል እንኳ፣ ካመኑበት ዙሩ እንደ አዲስ እንደሚጀምር አውቀው ያድርጉት፤ ካላመኑበት ቤት ውስጥ ይቅር።

ሦስተኛውን ዙር ለአዲስ ስሞች አያውሉት። ሁለት ወይም ሦስት ስም በግማሽ ኪሎ ፓኬት ላይ በግዕዝና በላቲን ተጽፎ እንዲያሳይዎት ይጠይቁት፤ በዚያው ጊዜ ስሞቹ ተይዘው እንደሆነና እንዳልሆነ በንግድ ቢሮና በአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ይጠየቅ። ይህን ማጣራት ለመጨረሻው አንድ ስም ብቻ አያቆዩት፤ ያ ስም ተይዞ ቢገኝ ዙሩ አልቋል፣ እጅዎ ላይም ሌላ አይኖርም። ሦስት ሆነው ከተጣሩ አንዱ ቢወድቅ ሁለት ይተርፋሉ። እስከዚያ ድረስ አገልግልን የሚያሸንፍ ካልመጣ፣ እሱም ነፃ ሆኖ ከተገኘ፣ አገልግልን ይዘው ለምዝገባ ይሂዱ።